ያለእኩልነት ሠርታችሁ መልሱን ቼክ ስታደርጉ ምልክቷ እንዳታመልጣችሁ

የዚህ እትም የሒሳብ ዓምድ ተራ የእኔ ነው። ልጽፍላችሁ የመረጥኩት ስለ ያለእኩልነት ነው፤ ያውም ስለ አሠራሩ ሳይሆን፣ ሠርተን ከጨረስን በኋላ መልሱ ትክክል መሆኑን እንዴት እንደምናውቅ ነው። አሠራሩንማ መምህራችን በሰሌዳ ላይ አሳይተውናል፣ መጽሐፉም ላይ አለ። ቼክ ማድረጉን ግን ብዙ ልጆች ይዘሉታል። የሚሠሩትም ልጆች ቢሆኑ ግማሹን ብቻ ሠርተው «ቼክ አድርጌዋለሁ» ይላሉ።

ይህን እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ በክፍላችን የአንድ የጥናት ቡድን መሪ ነኝ። የሒሳብ መምህራችን የቤት ሥራ ሲሰጡ፣ ቡድን መሪዎች የአባሎቻችንን ደብተር ቀድመን እንድናይና የተሳሳተውን በእርሳስ እንድናከብብ አዘዋል። በእርሳስ የሆነው ልጁ ራሱ ካረመ በኋላ እንዲጠፋ ነው። ስለዚህ የአራት ልጆች ደብተር ፊቴ ይደረደራል። ያለእኩልነት ከጀመርን ወዲህ በጣም ብዙ ጊዜ የማከብበው ቁጥር ሳይሆን ምልክት ሆኗል። ማለትም < መሆን የነበረባት > ሆና፣ ወይም > መሆን የነበረባት < ሆና ነው የማገኛት።

አንዱን ጥያቄ እንዳለ ላሳያችሁ። የደብተሩን ባለቤት አስፈቅጃታለሁ፣ ስሜ እንዳይጻፍ እንጂ ጥያቄው ይጻፍ ብላለች። የሠራችው እንዲህ ነው፤

7 − 3x < 19

−3x < 19 − 7

−3x < 12

x < −4

የመጨረሻዋን ምልክት ሳከብባት ተናደደች። «እንዴ! አንቺ ደግሞ፣ ቼክ አድርጌዋለሁ እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከጎኑ በትንንሽ ጽሕፈት ቼክ አድርጋለች። በ x ቦታ −4ን አስገብታ፣ 3 ጊዜ −4 ማለት −12 ነው፣ 7 ሲቀነስ −12 ደግሞ 7 ሲደመር 12 ስለሆነ 19 ነው ብላለች። በቀኝ በኩል ያለውም 19 ነው። 19 እና 19 ገጠመ፣ ስለዚህ ትክክል ነው ብላ ራይት አድርጋለች።

ስሌቷ አንድም ስህተት የለበትም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ዓይነቱ ቼክ ከእኩልነት ትምህርት የተወሰደ ነው። 7 − 3x = 19 ቢሆን ኖሮ መልሱ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ያን ቁጥር አስገብተን ሁለቱ ጎኖች እኩል ከመጡ አለቀ። የእኛ ጥያቄ ግን እኩል የሚሆነውን አይደለም የሚጠይቀው፣ ከ19 የሚያንሰውን ነው። ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት፣ እሷ መልሴ ያለችው x < −4 ነው። −4 ራሱ ከ−4 አያንስም። ስለዚህ ቼክ ያደረገችው ቁጥር በራሷ መልስ ውስጥ እንኳ የለም!

−4 እዚህ ጋ ድንበር ነው። ሁለት ማሳዎችን የሚለይ የወሰን ድንጋይ አይታችሁ ይሆናል። ድንጋዩ ትክክለኛ ቦታው ላይ መሆኑን ማረጋገጥ አንድ ነገር ነው። የእኛ ማሳ ከድንጋዩ በግራ ነው ወይስ በቀኝ የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። የቡድናችን ልጅ ድንጋዩን በትክክል አግኝታዋለች። ማሳውን ግን የጎረቤቱን ነው የያዘችው።

ማሳውን ለማወቅ ከድንበሩ ወጣ ብሎ አንድ ቁጥር መሞከር ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ የምሞክረው 0ን ነው፣ ምክንያቱም 0 ስሌቱን ያቀልለዋል። በ x ቦታ 0 ስናስገባ 7 − 0 < 19 ማለትም 7 < 19 ይሆናል። ይህ እውነት ነው። እንግዲህ 0 በመልሱ ውስጥ መኖር አለበት ማለት ነው። በእሷ መልስ ግን 0 ከ−4 ያንሳል? አያንስም፣ ይበልጣል። ስለዚህ መልሷ 0ን ውጭ ጥሎታል። ከእሷ ማሳ ውስጥ ደግሞ −5ን እንውሰድ። 3 ጊዜ −5 ማለት −15 ነው፣ 7 ሲቀነስ −15 ደግሞ 22። 22 < 19 ነው? አይደለም። መግባት የነበረበት ወጥቷል፣ መውጣት የነበረበት ገብቷል። ትክክለኛው መልስ x > −4 ነው።

ይህን ስታይ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ ይሁን፣ ግን ለምን? በ−3 ማካፈልና በ3 ማካፈል ምን ለየው?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ልጅ «በኔጌቲቭ ስታካፍል ገልብጥ» የሚለውን እንደ ግጥም ሸምድዶት ነው የሚሄደው። የተሸመደደ ነገር ደግሞ ፈተና ላይ ሲጣደፉ ይጠፋል።

በቀላል ቁጥር እንጀምር። 2 < 5 እውነት ነው። ሁለቱንም በ3 ብናባዛ 6 < 15 ይሆናል፣ አሁንም እውነት ነው። ሁለቱንም በ−1 ብናባዛስ? −2 እና −5 ይሆናሉ። የትኛው ያንሳል? በቁጥር መስመር ላይ −5 ከ−2 በስተግራ ስለሆነ የሚያንሰው −5 ነው። ምልክቷን ሳንነካ −2 < −5 ብለን ብንጽፍ ውሸት ጻፍን ማለት ነው። ገልብጠን −2 > −5 ማለት አለብን። በብድር ብታስቡት ይገባችኋል። 5 ብር ያለው ልጅ 2 ብር ካለው ይሻላል። 5 ብር ዕዳ ያለበት ግን 2 ብር ዕዳ ካለበት ልጅ የባሰ ነው። በኔጌቲቭ ማባዛትም ሆነ ማካፈል ያለን ሁሉ ወደ ዕዳ፣ ዕዳውን ሁሉ ወደ ያለን ይቀይረዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በቁጥር መስመር ላይ 0 ጋ መስታወት እንደማቆም ነው፤ ከ0 በስተቀኝ ሩቅ የነበረው በስተግራ ሩቅ ይሆናል።

መደመርና መቀነስ ግን እንዲህ አያደርጉም። ከ2 እና ከ5 ላይ 10 ብንቀንስ −8 እና −5 ይመጣሉ፣ አሁንም −8 ያንሳል። ሁለቱም ቁጥሮች እኩል ወደ ግራ ሄዱ እንጂ ቦታ አልተቀያየሩም። ስለዚህ 7ን ወደ ማዶ ስታሻግሩ ምልክቷ ንቅንቅ አትልም።

አሁንም «አላምንም» የሚል ካለ፣ በኔጌቲቭ ጨርሶ ሳናካፍል ያንኑ ጥያቄ መሥራት እንችላለን። ከ −3x < 12 እንነሳ። በሁለቱም በኩል 3x ብንደምር 0 < 12 + 3x ይሆናል። ከሁለቱም 12 ብንቀንስ −12 < 3x ይሆናል። አሁን በ3 እናካፍል፣ 3 ፖዘቲቭ ስለሆነ ምልክቷን አንነካም። −4 < x መጣ። ይህ «−4 ከ x ያንሳል» ይላል፣ ማለትም x ከ−4 ይበልጣል። ማንም ምልክት ሳይገለብጥ መልሱ x > −4 ሆኖ ወጣ። የመገልበጡ ሕግ ለዚህ ሁሉ አቋራጭ ነው እንጂ መምህራን ሊያስቸግሩን ያመጡት አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። −4 < x የሚለውን ወደ x > −4 ስንቀይር ምልክቷ የዞረች ትመስላለች። ይህ መገልበጥ አይደለም። ግራና ቀኝ ቦታ ስለተለዋወጡ ነው፣ የምልክቷ አፍ አሁንም የተከፈተው ወደ x ነው። አንዳንድ ልጆች ግን −4 < x ብለው በትክክል ከደረሱ በኋላ፣ x በግራ በኩል ይጻፍ ብለው ቦታ ብቻ ቀይረው x < −4 ይላሉ። እስከ መጨረሻው መስመር ትክክል ሠርቶ እዚያ ላይ መውደቅ ያበሳጫል። አፉ ወደማን እንደተከፈተ እዩ፣ ቦታ ብትቀይሩም ወደዚያው ይከፈት።

ይህ ነገር ደብተር ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ልጅ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። በአንድ በርሜል 200 ሊትር ውሃ አለ። ቤተሰቡ በቀን 25 ሊትር ይቀዳል። እናት «ምንም ቢሆን በርሜሉ ውስጥ ከ50 ሊትር እንዳይጎድል» ብለዋል። ለስንት ቀን መቅዳት ይቻላል? የቀኑን ብዛት x ብንለው እንዲህ ይጻፋል፤

200 − 25x ≥ 50

−25x ≥ −150

በ−25 ስናካፍል 6 ይመጣል። ምልክቷን ያልገለበጠ ልጅ x ≥ 6 ብሎ ይጽፋል። በአማርኛ ሲነበብ «6 ቀንና ከዚያ በላይ ብትቀዱ 50 ሊትር ይተርፋል» ማለት ነው። እስቲ በ8ኛው ቀን እንየው። 25 ጊዜ 8 ማለት 200 ነው፣ በርሜሉ ባዶ ሆነ! እናት ምን እንደሚሉ እናንተው አስቡት። ትክክለኛው x ≤ 6 ነው፣ እስከ 6 ቀን ድረስ። በ6ኛው ቀን ማታ 200 ሲቀነስ 150፣ ልክ 50 ሊትር ይቀራል። «አይጎድል» ስለተባለ 50 ራሱ ይፈቀዳል፣ ስለዚህ ከምልክቷ ሥር ያለችው መስመርም ትኖራለች። የቃላት ጥያቄ ሲሆን መልሱን ድምፅ አውጥቶ በአማርኛ ማንበብ ብቻውን ቼክ ነው፣ የተገለበጠ መልስ ወዲያው ያስቃል።

ቁጥር ብቻ ያለበት ጥያቄ ግን አያስቅም። x < −4 እና x > −4 በዓይን ሲታዩ ሁለቱም እኩል ያምራሉ። ለዚህ ነው ቁጥር አስገብቶ መሞከር የሚያስፈልገው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ሌላ የቡድናችን ልጅ፣ እሱ ደግሞ ከድንበሩ ውጭ ያለ ቁጥር ብቻ ነው የሚሞክረው። ድንበሩን አይነካውም። ጥያቄው −2(x − 3) > 10 ነበር። የሠራው ይኸው፤

−2x − 6 > 10

−2x > 16

x < −8

በ−2 ሲያካፍል ምልክቷን ገልብጧል፣ ጎበዝ። ቼክ ሲያደርግ ከመልሱ ውስጥ −9ን ወሰደ። −9 ሲቀነስ 3 ማለት −12፣ በ−2 ሲባዛ 24። 24 > 10 እውነት። እሱ ጠንቃቃ ስለሆነ ከመልሱ ውጭ ያለውን 0ንም ሞከረ። 0 ሲቀነስ 3 ማለት −3፣ በ−2 ሲባዛ 6። 6 > 10 ውሸት። ከውስጥ ያለው እውነት፣ ከውጭ ያለው ውሸት ሆነ። ሁለቱም እንደሚጠበቀው መጡ። ግን መልሱ ስህተት ነው!

ድንበሩን እናስገባ። −8 ሲቀነስ 3 ማለት −11፣ በ−2 ሲባዛ 22። በቀኝ በኩል ያለው 10 ነው። 22 እና 10 እኩል አይደሉም፣ ስለዚህ −8 ድንበር አይደለም። የወሰኑ ድንጋይ የተተከለው የማይሆን ቦታ ነው። ወደኋላ ሄደን ስንፈልግ ቅንፉ ሲፈታ ተገኘ። −2 ሲባዛ በ−3 ፖዘቲቭ 6 ነው እንጂ −6 አይደለም። ሲስተካከል −2x + 6 > 10፣ ከዚያ −2x > 4፣ ከዚያ x < −2 ይሆናል። ድንበሩን −2ን ብናስገባ −2 ሲቀነስ 3 ማለት −5፣ በ−2 ሲባዛ 10። ገጠመ።

ታዲያ −9 እና 0 ለምን አላጋለጡትም? የተሳሳተው ድንበር −8 ነው፣ ትክክለኛው −2 ነው። ሁለቱ መልሶች የሚለያዩት በእነዚህ መካከል ባሉት ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው። −9 ከሁለቱም በስተግራ ነው፣ 0 ከሁለቱም በስተቀኝ ነው። በአጋጣሚ −5ን ሞክሮ ቢሆን ኖሮ ይያዝ ነበር፣ ምክንያቱም −5 ሲቀነስ 3 ማለት −8፣ በ−2 ሲባዛ 16፣ 16 > 10 እውነት ነው፤ በእሱ መልስ ግን −5 ውጭ ነው። ግን በአጋጣሚ ላይ መተማመን አይቻልም።

እንግዲህ ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ እዩዋቸው። እሷ ድንበሩን ብቻ ሞክራ ምልክቷ አመለጠቻት። እሱ ከዳር ያለውን ብቻ ሞክሮ ድንበሩ አመለጠው። ሁለቱም ቼክ አድርገዋል፣ ሁለቱም ግማሽ ነው ያደረጉት። ድንበሩን አስገብታችሁ እኩል መምጣቱን እዩ፣ ከዚያ ከድንበሩ በአንድ ወገን ያለ አንድ ቁጥር አስገብታችሁ እውነት ወይም ውሸት መሆኑን ከመልሳችሁ ጋር አስተያዩ። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

«ሁለት ቁጥር ብቻ ሞክረን ስለሌሎቹ ስለማይቆጠሩት ቁጥሮች እንዴት እናውቃለን?» የሚል ልጅ ቢኖር ደስ ይለኛል፣ እኔም መምህራችንን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። እሳቸው መልስ ከመስጠት ይልቅ «ሰንጠረዥ ሥሪና ራስሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ለ7 − 3x ሠራሁት። x −6 ሲሆን 25 ይመጣል። −5 ሲሆን 22፣ −4 ሲሆን 19፣ −3 ሲሆን 16፣ −2 ሲሆን 13። አያችሁት? x አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ውጤቱ ሁልጊዜ በ3 ይወርዳል። እንደ ደረጃ ነው፣ መሃል ላይ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ 19ን የሚያገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ −4 ላይ። ከዚያ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ከ19 በታች፣ በስተግራ ያለው ሁሉ ከ19 በላይ ነው። በአንድ ወገን አንድ ቁጥር እውነት ከሆነ የዚያ ወገን ሁሉም እውነት ነው። ይህ የሚሠራው እኛ አሁን በምንማረው ዓይነት፣ x ላይ ስኩዌር በሌለበት ጥያቄ ነው። ስኩዌር ሲኖር ደረጃው ወርዶ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፣ እሱ ወደፊት የምንደርስበት ነው።

ደግሞ ይኸው ሰንጠረዥ የመገልበጡን ምክንያትም ያሳያል። ከ x ጋር የተባዛው ቁጥር −3 ስለሆነ x ሲጨምር ውጤቱ ይቀንሳል። ትንሽ ውጤት የሚፈልግ ሰው ትልቅ x ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው «ያንሳል» ብሎ የጀመረው ጥያቄ «ይበልጣል» ብሎ የሚያልቀው።

ስለ መገልበጥ ይህን ያህል ካወራሁ በኋላ የምፈራው አንድ ነገር አለ፤ ይህን ያነበበ ልጅ ኔጌቲቭ ባየ ቁጥር እንዳይገለብጥ። ይህም በደብተር ላይ ይታየኛል። ለምሳሌ 4x + 10 ≥ −6 የሚል ጥያቄ አለ። 10ን ስናሻግር 4x ≥ −16 ይሆናል። እዚህ ጋ −16ን ያየ ልጅ ይደነግጥና x ≤ −4 ይላል። ግን በምን አካፈልን? በ4። 4 ፖዘቲቭ ነው። የሚካፈለው ኔጌቲቭ መሆኑ ምልክቷን አይመለከታትም፣ የሚያካፍለው ብቻ ነው የሚመለከታት። መልሱ x ≥ −4 ነው። በ0 ብትሞክሩት 10 ≥ −6 እውነት ነው፣ 0ም ከ−4 ይበልጣል፣ ተስማሙ። የማካፈያውን ቁጥር ከመስመሩ ጎን በትንሹ «በ4» ወይም «በ−3» ብሎ መጻፍ ይረዳል። የቡድናችን ልጆች አሁን እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ እኔም ሳይ ይቀለኛል።

በጣም ተደብቆ የሚያልፈው ግን −x ነው። 5 − x > 2 የሚለውን ሲሠሩ −x > −3 ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ «ሁለቱም ጎን ኔጌቲቭ አለ፣ ይጣፋ» ብለው x > 3 ይላሉ። የተካፈለ ቁጥር ስላልታያቸው ማካፈል መኖሩን አላዩም። −x ማለት −1 ጊዜ x ነው፤ ኔጌቲቭን ከሁለቱም ማጥፋት ማለት በ−1 ማካፈል ነው። ስለዚህ x < 3 ነው። 0ን ሞክሩ፣ 5 > 2 እውነት፣ 0ም ከ3 ያንሳል።

0ን ሁልጊዜ መጠቀም አይቻልም ወይ ካላችሁ፣ ድንበሩ ራሱ 0 ሲሆን አይቻልም። ያኔ 1ን ወይም −1ን ውሰዱ። x በሁለቱም በኩል ሲኖርም ዘዴው አይቀየርም። ለምሳሌ 2x − 9 ≤ 5x + 6 ላይ አንድ ልጅ x ≤ −5 ብሏል እንበል። −5ን በግራ ስናስገባ −10 ሲቀነስ 9፣ −19። በቀኝ ስናስገባ −25 ሲደመር 6፣ እሱም −19። ድንበሩ ትክክል ነው። 0ን ስናስገባ −9 ≤ 6 እውነት ነው፣ ግን 0 ከ−5 አያንስም። ስለዚህ ምልክቷ ናት የተሳሳተችው፣ መልሱ x ≥ −5 ነው። ሙሉውን አሠራር ሳላነብ ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ አወቅሁ። ድንበሩ ከገጠመና 0 ካልተስማማ፣ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያለችውን ማካፈል ነው የማየው። ድንበሩ ካልገጠመ ደግሞ ከላይ ጀምሬ ቅንፉንና ማሻገሩን እፈልጋለሁ።

የአንዱን ልጅ መልስ ወስዶ ከጎበዝ ልጅ ደብተር ጋር ማስተያየት ቼክ ማድረግ አይደለም። ፈተና ላይ የጎበዝ ልጅ ደብተር የለም።

በሉ እንግዲህ፣ ከታች ሦስት የተሠሩ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ ብቻ ነው ትክክል። የትኛው እንደሆነና የሌሎቹ ስህተት የት መስመር ላይ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ በር አጠገብ ባለው ሣጥን ክተቱ። ስማችሁንና ክፍላችሁን እንዳትረሱ። መልሱ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።

ሀ) 9 − 2x ≤ 3

−2x ≤ −6

x ≤ 3

ለ) 3x − 4 > −19

3x > −15

x < −5

ሐ) 6 − x ≥ 2x − 9

−3x ≥ −15

x ≤ 5